ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለሳችሁ ለምትሠሩ

እኔ ደሴ ላይ የሱቆች ሒሳብ እይዛለሁ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ ማታ አስተምራለሁ፣ አልፎ አልፎም አማክራለሁ። እንደኔ ሁለት ሦስት ሥራ የያዛችሁ፣ አንዱን ከመተዋችሁ በፊት እያንዳንዱ በሰዓት ስንት እንደሚከፍላችሁ አስሉ። የተስማማችሁበትን ሳይሆን እጃችሁ የሚገባውን።

ማስተማሩ በሰዓት 400 ብር ነው፤ ለሁለት ሰዓት 800። ታክሲ መጠበቁና መንገዱ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት፣ ፈተና ማረሙ አንድ ሰዓት፣ ትራንስፖርቱ 150 ብር። ስለዚህ 650 ብር ለአምስት ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 130 ብር። የሱቆቹ ሒሳብ በወር 3,000 ብር ለ12 ሰዓት ስለሆነ 250 ይመጣል። ያውም ከቤቴ በእግር ነው!

ታዲያ ማስተማሩን ልተው? አልተውኩም። ቀኑን ጠብቆ የሚከፈለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ የቤት ኪራዬን የጣልኩት እሱ ላይ ነው። ይልቅ በሁለት ቀን የነበሩትን ሁለት ክፍሎች ተለማምጬ በአንድ ቀን አስደረግኳቸው። አሁን 1,450 ብር ለስምንት ሰዓት፣ በሰዓት ወደ 181 ብር ሆነልኝ።

ማማከሩ ነው የሚያታልለው። 6,000 ብር ለ15 ሰዓት ብዬ የተዋዋልኩት ሥራ በስብሰባ፣ በ«እስቲ ይቺን አስተካክል»ና ክፍያ በመለመን 24 ሰዓት ፈጀ፤ ብሩም የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሁን ግማሹን ሳልቀበል አልጀምርም፤ ማስተካከያው ከሁለት ጊዜ ካለፈ እንደሚያስከፍልም ውሉ ላይ እጽፋለሁ።