ባይነሪ ሰርች ያለውን «የለም» የሚልባቸው ስህተቶች

ለአንድ ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ከካርድ ክፍል ተደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ትናንት ራሴ የመዘገብኳት ታካሚ ዛሬ የለችም ይለኛል» አለችኝ ሠራተኛዋ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ታካሚዋ አለች። ፕሮግራሙ አልቆመም፣ የስህተት መልእክትም አላወጣም። «የለም» ብሎ ብቻ መለሰ። ሠራተኛዋም አዲስ ካርድ አወጣችላት። አንድ ሰው ሁለት ካርድ ኖረው ማለት ነው፤ የመድኃኒት አለርጂዋ የተጻፈው ግን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነበር። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ጥፋቱ ያለው ባይነሪ ሰርቹን ከተጠቀምኩበት መንገድ ላይ ነው። ባይነሪ ሰርች የዝርዝሩን መሃል ያያል። የምንፈልገው ከመሃሉ ካነሰ የቀኙን ግማሽ፣ ከበለጠ የግራውን ግማሽ ይጥላል። ከዚያ በቀረው ላይ እንደገና እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ሚሊዮን ስም ውስጥ ቢበዛ 20 ጊዜ ብቻ አይቶ ይጨርሳል፤ ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ቢሄድ ግን በአማካይ ግማሽ ሚሊዮን ያያል። ፍጥነቱ የሚመጣው ሳያይ ከሚጥለው ነው። ሳያይ እንዲጥል የሚፈቅድለት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። መሃሉ 88 ከሆነና 3ን ከፈለግን፣ ከ88 በስተቀኝ ያለው ሁሉ 88 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን የምናውቀው ዝርዝሩ ስለተደረደረ ብቻ ነው።

ስህተት 1፦ «ሞክሬው ሠርቷል» ብሎ ያልተደረደረን ዝርዝር ማመን

ይህን ዝርዝር እንመልከት፦ 42, 7, 19, 88, 3, 56, 25። አልተደረደረም። 7ን እንፈልግ። መሃሉ 88 ነው፤ 7 ያንሳል፣ ወደ ግራ እንሄዳለን። የቀሩት 42, 7, 19 ናቸው፤ መሃላቸው 7። ተገኘ! አሁን 3ን እንፈልግ። ከ88 ያንሳል፣ ወደ ግራ። ከ7 ያንሳል፣ ወደ ግራ። ከ42 ያንሳል፣ አለቀ። «የለም።» 3 ግን ከ88 ቀጥሎ ቁጭ ብሏል፤ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ተጥሏል።

ሰባቱንም በተራ ብትሞክሯቸው 7፣ 19 እና 88 ይገኛሉ፤ አራቱ ይጠፋሉ። አደገኛው እነዚያ ሦስቱ መገኘታቸው ነው። ከእነሱ በአንዱ የሞከረ ሰው ኮዱ ልክ ነው ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ስትሞክሩ አንዱን ብቻ አትፈልጉ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፈልጉ።

ስህተት 2፦ በአንድ ሕግ ደርድሮ በሌላ ሕግ መፈለግ

የእኔ ስህተት ይህ ነበር። ዝርዝሩ ተደርድሯል፤ ግን በየትኛው ሕግ?

ቀላሉን መጀመሪያ። የካርድ ቁጥሮች እንደ ጽሑፍ ከተቀመጡ እንደ ጽሑፍ ይደረደራሉ፦ 10, 100, 2, 25, 9። ፊደል በፊደል ስለሚነጻጸሩ 100 ከ2 ይቀድማል። እዚህ ላይ 9ን እንደ ቁጥር ብንፈልግ፣ መሃሉ 2 ስለሆነ ወደ ቀኝ እንሄዳለን። ቀጥሎ 25ን እናገኛለን፤ 9 ያንሳል፣ ወደ ግራ። ምንም አልቀረም። 9 መጨረሻ ላይ እያለ «የለም» ተባለ።

የአማርኛ ስም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይደበቃል። ኮምፒውተር ፊደላችንን የሚደረድረው በዩኒኮድ ቁጥር ነው፤ እሱም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ እያለ ይሄዳል። በሠ እና በሰ መካከል ረ ከነቤተሰቡ ገብቷል። ስለዚህ «ሠላም» ከ«ሩት» በፊት፣ «ሰላም» ደግሞ ከ«ሩት» በኋላ ይመጣሉ። ሰዎች ግን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ይጽፋሉ። ይህን አስቤበት ስለነበር፣ ሲፈለግ ሠን ወደ ሰ የሚቀይር ማነጻጸሪያ ጻፍኩ። ሲደረደር ግን አልቀየርኩም።

የሆነውን በሰባት ስም አሳጥሬ ላሳያችሁ፦ ሀና፣ መስፍን፣ ሠላም፣ ሩት፣ ራሄል፣ ሰናይት፣ በቀለ። በዩኒኮድ ልክ ተደርድረዋል። ሠራተኛዋ «ሰላም» ብላ ጻፈች። መሃሉ ሩት ነው፤ ሰ ከረ በኋላ ስለሆነ ወደ ቀኝ። ቀጥሎ ሰናይት፤ ላ ከና ስለሚቀድም ወደ ግራ። ቀጥሎ ራሄል፤ ወደ ቀኝ። አለቀ። «ሠላም» በግራው ግማሽ ነበረች፤ በመጀመሪያው እርምጃ ከእነ«መስፍን» ጋር ተጣለች። ሠን ወደ ሰ የሚቀይረው ማነጻጸሪያዬ እሷ ጋ ለመድረስ እንኳ ዕድል አላገኘም።

መፍትሔው ለመደርደርም ለመፈለግም አንድ ቁልፍ መጠቀም ነው። በፓይተን `norm` የምትባል ፈንክሽን ጻፍኩ። ሠን ወደ ሰ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነእርባታቸው ትቀይራለች። ከዚያ፦

```python
from bisect import bisect_left, insort

names.sort(key=norm)
k = norm(x)
i = bisect_left(names, k, key=norm)
found = i < len(names) and norm(names[i]) == k
```

`bisect_left` ላይ `key` የሚሠራው ከፓይተን 3.10 ጀምሮ ነው። ልብ በሉ፤ ቁልፉን የሚያውለው በዝርዝሩ አባላት ላይ ብቻ ነው፣ የምትፈልጉትን ቃል ራሳችሁ መቀየር አለባችሁ። የመጨረሻዋንም መስመር አትዝለሏት። `bisect_left` የሚመልሰው ቃሉ መግባት የነበረበትን ቦታ ነው፤ ቃሉ እዚያ መኖሩን አይነግራችሁም።

ስህተት 3፦ ደርድሮ ካበቁ በኋላ አዲሱን መጨረሻ ላይ መለጠፍ

በተደረደረው 3, 7, 19, 25, 42, 56, 88 ላይ 5ን በ`append` ብንጨምር የሚጠፋው 5 ብቻ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ እውነት ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ ይገኛሉ። ግን ከ5 በኋላ ሰባት አዳዲስ ቁጥሮች ተጨምረው ዝርዝሩ 15 ሲሞላ፣ 5 ልክ መሃል ላይ ይወድቃል። አሁን 42ን ብንፈልግ ከ5 ስለሚበልጥ የግራው ግማሽ በሙሉ ይጣላል። 7፣ 19፣ 25፣ 42፣ 56 እና 88 አብረው ይጠፋሉ። ትናንት ሲገኝ የነበረ መረጃ፣ ማንም ሳይነካው፣ ዛሬ አይገኝም። እንዲህ ያለ አቤቱታ ስትሰሙ መጀመሪያ የሚጨመርበትን ኮድ እዩ።

መፍትሔው በ`append` ፋንታ `insort(names, x, key=norm)` ነው፤ ቦታውን ፈልጎ ያስገባል። ቦታውን ማግኘት ፈጣን ነው፤ ከኋላ ያሉትን አንድ አንድ ቦታ ማሸሽ ግን ጊዜ ይወስዳል። በአንዴ ብዙ ስም የሚገባ ከሆነ ሁሉንም ጨምሮ አንዴ መደርደር ይሻላል። ቅደም ተከተሉ መጠበቁን በዚህ ታያላችሁ፦

```python
all(norm(a) <= norm(b) for a, b in zip(names, names[1:]))
```

ይህ ዝርዝሩን በሙሉ ስለሚያይ በየፍለጋው አይጠራ፤ ያኔ ፍጥነቱ የለም። ፋይሉ ሲጫንና በሙከራ ጊዜ ይበቃል።

ስህተት 4፦ ለአንድ ፍለጋ ብሎ መደርደር

ሚሊዮን ስም ለመደርደር ወደ 20 ሚሊዮን ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንዴ ብቻ ለመፈለግ ከሆነ አንድ በአንድ ማየቱ ይቀላል፤ መደርደሩ የሚያዋጣው በግምት ከ40 ፍለጋ በኋላ ነው። ሙሉ ስም ተጽፎ ያ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ የፓይተን `dict` ይበልጥ ያመቻል፤ መደርደርም አይጠይቅም።

እኔ ግን የተደረደረውን አልተውኩትም። ካርድ ክፍል ሙሉ ስም እስኪጻፍ አይጠብቁም። «ሰላ» ብለው ሲጀምሩ ባይነሪ ሰርቹ የመጀመሪያዋን ያገኛል፤ ሌሎቹ ተከታትለው ስላሉ ወደ ታች ማንበብ ብቻ ነው። «ሠላም»ም «ሰላም»ም አሁን ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ከማውጣቷ በፊት የእናት ስምና ዕድሜ አይታ ትለያቸዋለች።