የሻጭ ድርሻ ስንት ነው? በኦንላይን ገበያ ክፍያ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሻጮችን በአንድ ድረ ገጽ የሚያገናኝ ገበያ ሲከፈት፣ ሐሳብ ሁሉ ገዢው ላይ ነው። ይከፍላል ወይ? ዕቃው ይደርሰዋል ወይ? ለሻጭ መክፈሉ ግን «ኮሚሽን ቀንሶ መላክ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ትዕዛዝ ይዘን እንሂድ። ገዢዋ ከአንድ ሻጭ የ3,000 ብር ጫማ፣ ከሌላ ሻጭ የ1,000 ብር ቦርሳ ገዛች። ለማድረሻ 200 ብር ጨምራ በአጠቃላይ 4,200 ብር ከፈለች። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ነው እንበል።

ኮሚሽኑ ከምን ላይ እንደሚሰላ አለመወሰን

«10 በመቶ» ብቻውን ውል አይሆንም። በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ከሆነ ገበያው 400 ብር ያገኛል፤ ለጫማ ሻጩ 2,700፣ ለቦርሳ ሻጯ 900፣ ለአድራሹ 200 ይሄዳል። ተደምሮ 4,200 ይመጣል። ማድረሻውም ከተካተተ ኮሚሽኑ 420 ይሆናል፤ ያቺ 20 ብር የምትወጣው ከሻጮቹ ኪስ ነው። ሁለቱም አሠራር አለ። አማዞን ገዢው ለመላኪያ በከፈለውም ላይ ኮሚሽን ያሰላል፤ ኤትሲ የተባለው የኦንላይን ገበያም 6.5 በመቶ ኮሚሽኑን እንዲሁ። ሻጩ ከመጀመሪያው ካወቀው ችግር የለውም። ችግሩ ከወር በኋላ ሲያውቀው ነው።

ቅናሽ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ገዢዋ የ400 ብር ኩፖን ተጠቀመች እንበል። ኩፖኑን የሰጠው ገበያው ከሆነ ሻጮቹ ሙሉ ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ የገበያው 400 ብር ኮሚሽን ግን እንዳለ ያልቃል። ሻጮቹ ከሰጡት ደግሞ ኮሚሽኑ በ3,600 ላይ ተሰልቶ 360 ይሆናል፤ ለሻጮቹ 2,430 እና 810 ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኩፖን ጋር ማን እንደሸፈነው አብሮ ይመዝገብ።

የኮሚሽኑንም መጠን ሽያጩ በተፈጸመበት ቀን ከትዕዛዙ ጋር ጻፉት። ከሻጩ ፕሮፋይል ላይ እያነበባችሁ የምታሰሉ ከሆነ፣ ነገ 12 በመቶ ስታደርጉት ትናንት የተሸጠው ዕቃ ሲመለስ ከተቀነሰው በላይ ትመልሳላችሁ።

የመያዣውን ቀን ከክፍያው መቁጠር

የሻጩ ገንዘብ ወዲያው ሳይከፈል ለጥቂት ቀን የሚያዘው ገዢው ዕቃ ሊመልስ ስለሚችል ነው። እናም መቁጠር ያለበት ዕቃው እጁ ከገባበት ቀን ነው። መመለሻው 7 ቀን ነው እንበል፤ ገዢዋ መስከረም 1 ከፈለች፣ ዕቃው መስከረም 9 ደረሰ። ከክፍያው ከቆጠራችሁ ገንዘቡ መስከረም 8 ተለቀቀ ማለት ነው፤ ቦርሳው ገና በሞተረኛው ጀርባ ላይ እያለ! አማዞን በብዙ ሻጮቹ ላይ የሚሠራበት ደንብ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 7 ቀን መያዝ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ነው።

ይህን ስታስተካክሉ ሌላ ጉድ ይመጣል። አድራሹ «ደርሷል» ብሎ መመዝገብ ከረሳ ቆጠራው አይጀምርም፣ የሻጩም ገንዘብ እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ከተላከ ብዙ ቀን ሆኖት መድረሱ ያልተመዘገበ ትዕዛዝ ካለ፣ ሲስተሙ ሰው እንዲያየው ዝርዝር ያውጣ። በራሱ ይልቀቅ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ የጠፋ ዕቃም ዝርዝሩ ላይ ልክ እንደዚያው ነው የሚታየው።

መያዣው በዕቃ ይሁን እንጂ በትዕዛዝ አይሁን። ገዢዋ ቦርሳውን ልትመልስ ጥያቄ ብታቀርብ መቆም ያለበት የቦርሳው 900 ብር ነው። የጫማ ሻጩ 2,700 ብር ምን አገባው? ደግሞ ጥያቄው በሰባተኛው ቀን ማታ ከመጣ፣ ጠዋት የሚነሳው የክፍያ ፕሮግራም ሰባት ቀን መሙላቱን ብቻ አይቶ መልቀቅ የለበትም። ክፍት የመመለስ ጥያቄ ካለ ጉዳዩ እስኪዘጋ ይቆማል።

እኛ አገር ሌላም አለ። ብዙ ሰው የሚከፍለው ዕቃውን ሲረከብ በጥሬ ብር ነው። ያኔ ሰባቱ ቀን ቢሞላም ብሩ ገና አድራሹ ጋ ሊሆን ይችላል። ለመልቀቅ ሁለት ነገር ይሟላ፦ መመለሻው ማለፉና ብሩ ሂሳባችሁ መግባቱ። አለዚያ የምትከፍሉት የሌላውን ሻጭ ገንዘብ ነው።

የማድረሻውን ክፍያ ከሽያጩ ጋር መደባለቅ

የማድረሻው 200 ብር በሁለቱ ሻጮች ዕቃ ላይ ይከፋፈል ከተባለ በምን? በዋጋ ከሆነ 150 እና 50፣ በጥቅል ቁጥር ከሆነ 100 እና 100 ነው። ማንኛውንም ምረጡ፤ ግን ለየብቻው መስመር ላይ ይጻፍ። ለሦስት ሻጭ እኩል ሲካፈል 66.67 ሦስት ጊዜ 200.01 ይመጣል፤ አንድ ሳንቲም ከየት መጣች? በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ያዙት። 20,000 ሳንቲም ለእያንዳንዱ 6,666 ደርሶት 2 ይተርፋል፤ ትርፏን ለአንዱ በቋሚ ደንብ ስጡ።

ማካፈሉ ጥቅሙ የሚታየው ዕቃ ሲመለስ ነው። ቦርሳው ተመለሰ፤ ምክንያቱ ሻጯ የተሳሳተ ቀለም መላኳ ነው። በዋጋ ተካፍሏል እንበል። ገዢዋ 1,000 ብሯንና የማድረሻ ድርሻዋን 50 ብር ታገኛለች። ሻጯ ላይ ሦስት መስመር ይጻፋል፦ የሽያጩ 900 ይሰረዛል፣ 50 ይቀነሳል፣ ቦርሳውን መልሶ ያመጣው ሞተረኛ 120 ካስከፈለ እሱም ይቀነሳል። ገበያው 100 ብር ኮሚሽኑን ይተዋል። ሻጯ 170 ብር ዕዳ አለባት ማለት ነው። ገዢዋ ሐሳቧን ቀይራ ቢሆን ኖሮ ግን 50ውም 120ውም ሻጯን አይነካትም። ስለዚህ የመመለሻው ምክንያት በነጻ ጽሑፍ ሳይሆን ከተወሰኑ ምርጫዎች አንዱ ሆኖ ይመዝገብ፤ ሂሳቡ የሚመራው በእሱ ነውና።

ዕዳውን «ዜሮ» ብሎ ማለፍ

ቦርሳው የተመለሰው 900 ብሩ ከተከፈለ በኋላ ቢሆንስ? የሻጯ ቀሪ ሂሳብ ከዜሮ በታች 1,070 ይሆናል። ብዙ ሲስተም ይህን ዜሮ ብሎ ይጽፋል፣ ገበያውም ሳያውቀው ይከስራል። ከዜሮ በታች ይታይ፣ ከሚቀጥለው ሽያጭ ይቀነስ። ለዚህም ሻጯ የምታየው ገጽ አንድ ድምር ብቻ አይሁን። «የተያዘ»፣ «ለክፍያ የተዘጋጀ»፣ «የተከፈለ» ተብሎ በየዕቃው ይዘርዘር፤ «ገንዘቤ የት ገባ?» የሚለውን ስልክ የሚቀንሰው እሱ ነው።

መልስ ባልመጣ ቁጥር እንደገና መላክ

ፕሮግራሙ 2,700 ብር ለባንኩ ላከ፣ መልስ ሳይመጣ ኔትወርክ ተቋረጠ። «አልተሳካም» ብሎ ደግሞ ይልካል፤ ጫማ ሻጩ ሁለቴ ይከፈለዋል። እያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት የማይደገም መለያ ይሰጠው፣ በዳታቤዝም ይቀመጥ። መልስ ከጠፋ በዚያው መለያ «ምን ደረሰ?» ተብሎ ይጠየቃል። ባንኩ አላገኘሁትም ካለ ብቻ፣ በዚያው መለያ ይደገማል። እስከዚያ ሁኔታው «ያልታወቀ» ነው፤ «አልተሳካም» ብላችሁ አትጻፉ።

ማታ ማታ የሻጮችን ድርሻ፣ የአድራሾችን ክፍያና ኮሚሽናችሁን ደምሩና ከባንክ ሂሳቡ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ልክ 2,700 ብር ከመጣ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።