የሁለት ሸሪኮች የሒሳብ መዝገብ በዓመቱ መጨረሻ እንዴት ይዘጋል?

እኔና ሸሪኬ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለን። የሒሳብ ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ትርፍ የምንካፈለው በውላችን መሠረት እኔ 60፣ እርሱ 40 በመቶ ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ፤ አካሄዱ ግን በየዓመቱ የምንሠራበት ነው።

በመጀመሪያ የባንክ ቀሪውን ከባንኩ መግለጫ ጋር አመሳክሩ፤ ያልተከፈለ ኪራይና ደመወዝ፣ የማሽኑንም የዓመት የእርጅና ቅናሽ መዝግቡ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሒሳብ ቀሪ ከሌጀር እያወጣችሁ የሙከራ ሚዛን ሥሩ። የእኛ ይህን ይመስላል።

በዴቢት በኩል፦ ጥሬ ገንዘብና ባንክ 140,000፣ ተሰብሳቢ 60,000፣ ማሽን 300,000፣ እኔ ለግሌ የወሰድኩት 30,000፣ ሸሪኬ ለግሉ የወሰደው 70,000፣ ልዩ ልዩ ወጪዎች (ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ወረቀትና ቀለም፣ የእርጅና ቅናሽ) 500,000። ድምሩ 1,100,000 ብር ነው።

በክሬዲት በኩል፦ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ 60,000፣ ተከፋይ 40,000፣ የእኔ ካፒታል 180,000፣ የሸሪኬ ካፒታል 120,000፣ ገቢ 700,000። ይህም 1,100,000 ብር ነው።

ሁለቱ ድምሮች ካልተገናኙ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 45,600 የነበረው 54,600 ተብሎ ቢጻፍ ልዩነቱ 9,000 ይሆናል። ካልሆነም የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቁጥር ፈልጉ፤ በዴቢት ፈንታ በክሬዲት የሰፈረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መዝጊያው እንለፍ። ገቢውን 700,000 ዴቢት አድርጋችሁ የገቢ ማጠቃለያ የሚባለውን ሒሳብ ክሬዲት አድርጉ። ወጪዎቹን አንድ በአንድ ክሬዲት አድርጋችሁ ድምሩን 500,000 ከገቢ ማጠቃለያው ላይ ዴቢት አድርጉ። እዚያ የሚቀረው 200,000 ብር ትርፉ ነው። እርሱንም ዴቢት አድርጋችሁ 120,000 ወደ እኔ፣ 80,000 ወደ ሸሪኬ ካፒታል ክሬዲት ታደርጋላችሁ። የተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽ ግን አይዘጋም፤ ከማሽኑ ጋር ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ ነው፤ እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ሸሪኮች ለግላቸው የወሰዱት ገንዘብ ወጪ አይደለም። በገቢ ማጠቃለያው በኩል ሳያልፍ፣ ከወሰደው ሰው ካፒታል ላይ በቀጥታ ይቀነሳል። የእኔ ካፒታል 30,000 ዴቢት፣ ለግሌ የወሰድኩት 30,000 ክሬዲት፤ የእርሱም እንዲሁ በ70,000።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለታችንም የወሰድነውን ሁሉ «የባለቤቶች ደመወዝ» ብዬ ከወጪ ጋር ደመርኩት። በእነዚህ ቁጥሮች ብናየው ወጪው 600,000፣ ትርፉ 100,000 ይሆናል። ለእኔ 60,000፣ ለእርሱ 40,000 ሲደርሰን ካፒታሌ 240,000፣ የእርሱ 160,000 ሆኖ ይዘጋል። በትክክለኛው መንገድ ግን የእኔ 180,000 ሲደመር 120,000 ሲቀነስ 30,000፣ ማለትም 270,000 ነው፤ የእርሱም 120,000 ሲደመር 80,000 ሲቀነስ 70,000፣ ማለትም 130,000 ነው። እርሱ ከወሰደው ላይ 30,000 ብሩን እኔ ተሸክሜለት ነበር። ማናችንም ይህን አልፈለግንም፤ ማናችንም አላወቅንም። ያስተዋልኩት በሁለተኛው ዓመት፣ እያንዳንዳችን ለግላችን የወሰድንባቸውን ደረሰኞች ለይቼ ስደምር ነው።

የሚያሳዝነው የሙከራ ሚዛኑ ይህን ስሕተት ፈጽሞ አለማሳየቱ ነው። የሁለታችን ካፒታል ድምር በሁለቱም መንገድ 400,000 ስለሆነ ሚዛኑ ይገናኛል። የሚያጋልጠው ሌላ ስሌት ነው፦ የእያንዳንዱን ሸሪክ የመክፈቻ ካፒታል፣ በዓመቱ የጨመረውን፣ የትርፍ ድርሻውንና የወሰደውን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሩ፤ የወሰደውን ከፊርማው ደረሰኞች እንጂ ከሌጀር አትውሰዱ።

የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነም በአንድ ቁልፍ ዓመቱን ዘጋሁ ሲላችሁ አትመኑት። አንዳንዶቹ ትርፉን ሳይከፋፍሉ በአንድ ሒሳብ ላይ ያስቀምጡታል፤ ክፍፍሉን በእጅ መመዝገብ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ መዝጊያዎቹን ሁልጊዜ መጀመሪያ በወረቀት እሠራቸዋለሁ።

በመጨረሻ ከመዝጊያ በኋላ ያለውን የሙከራ ሚዛን አውጡ። ገቢ፣ ወጪና ለግል የተወሰደው ሁሉ ዜሮ ሆነው መጥፋት አለባቸው። በዴቢት 140,000፣ 60,000 እና 300,000፤ በክሬዲት 60,000፣ 40,000፣ 270,000 እና 130,000 ይቀራሉ። ሁለቱም 500,000 ናቸው። ከእነዚህ ሌላ አንድ የወጪ ሒሳብ እንኳ ብቅ ካለ መዝጊያው አልተሟላም።

የካፒታሉን ገጽ ለሸሪኬ አሳየዋለሁ፤ ደረሰኞቹን አብረን ቆጥረን ሁለታችንም እንፈርምበታለን። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ሌጀር በእነዚሁ ቀሪዎች ይከፈታል።