ዩከር ላይ የባወር ደረጃና በአጠራጣሪ እጅ ትራምፕ መጥራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩከር አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው በ24 ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት 9፣ 10፣ ጃክ፣ ኩዊን፣ ኪንግና አስ ብቻ ይቀራሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ካርታ ይታደላል፤ ከተረፉት 4 ካርታዎች የላይኛዋ ትገለጣለች። ከአዳዩ በስተግራ ካለው ሰው ጀምሮ ተራ በተራ የተገለጠችው ካርታ ዓይነት ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን ዓይነቶች ሁሉ የሚያሸንፍ ዓይነት፣ ይሁን ወይስ ይለፍ ይባላል። ጥሪው ከጸደቀ አዳዩ ያችን ካርታ አንስቶ ከእጁ አንዷን ይጥላል። ሁሉም ካለፉ ካርታዋ ትገለበጣለች፤ በሁለተኛው ጥሪም ሌላ ዓይነት መጥራት ይቻላል። የጠራው ወገን እያንዳንዱ ተጫዋች አንዳንድ ካርታ ከሚጥልባቸው አምስት ዙሮች ሦስት ወይም አራት ከወሰደ 1 ነጥብ፣ አምስቱንም ከወሰደ 2 ነጥብ ያገኛል። ሦስት ካልሞላ ተቃራኒዎቹ 2 ነጥብ ይወስዳሉ። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ነጥብ ያልቃል።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኛውን ነጥብ የሚያስበሉት ናቸው። አብዛኞቹ የሚመነጩት ጃኮቹን በትክክል ካለመቁጠር ወይም የተገለጠችው ካርታ ወደ ማን እጅ እንደምትገባ ካለማሰብ ነው።

ግራ ባወርን በተጻፈበት ዓይነት መቁጠር

የትራምፑ ጃክ ቀኝ ባወር ይባላል፤ ከሁሉም በላይ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በቀለም ተመሳሳይ የሆነው የሌላው ዓይነት ጃክ፣ ማለትም ግራ ባወር ነው። ልብ ትራምፕ ከሆነ ደረጃው ከላይ ወደ ታች እንዲህ ነው፦ የልብ ጃክ፣ የዳይመንድ ጃክ፣ የልብ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 10፣ 9። ስፔድ ትራምፕ ሲሆን ደግሞ የክለብ ጃክ ሁለተኛ ይሆናል። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጆከር ተጨምሮ ከቀኝ ባወርም በላይ የሚቀመጥበት አጨዋወት አለ፤ እዚህ የምንናገረው ግን ስለ 24 ካርታው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጨዋታ ላይ ግን ይረሳዋል። ልብ ትራምፕ ከሆነ የዳይመንድ ጃክ እስከ እጁ መጨረሻ ድረስ ልብ ነው። ዳይመንድ ተመርቶ በእጅዎ ያለው ዳይመንድ መሳይ ካርታ እሱ ብቻ ከሆነ ዳይመንድ የለዎትም፤ የፈለጉትን መጣል ይችላሉ። ልብ ሲመራ ግን ሌላ ልብ ከሌለዎት እሱን የመጣል ግዴታ አለብዎት። ይህን የረሳ ሰው ዓይነት ባለመከተል ይያዛል፤ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ቅጣቱ ለተቃራኒዎቹ 2 ነጥብ ነው።

ስሌቱም አብሮ ይለወጣል። ትራምፕ 7 ካርታ ይኖረዋል፣ በቀለም የሚመሳሰለው ዓይነት ወደ 5 ይወርዳል፣ የቀሩት ሁለቱ 6፣ 6 እንደሆኑ ይቆያሉ። ይህ ልዩነት አስ ሲመዘን በግልጽ ይታያል። ልብ ትራምፕ ሆኖ አንድ የክለብ አስ ብቻ ከያዙ፣ አንድ ተቃራኒ ከመነሻው ክለብ የሌለው የመሆኑ ዕድል 15 ከመቶ ያህል ነው። በክለብ አስ ፈንታ የዳይመንድ አስ ብቻ ቢሆን ያው ዕድል ወደ 23 ከመቶ ከፍ ይላል። ዓይነቱ የሌለውና ትራምፕ የያዘ ተቃራኒ ደግሞ አስዎን ይቆርጠዋል። ስለዚህ በቀለም ከትራምፑ ጋር የሚመሳሰል አስ ከሌሎቹ አስ ያነሰ እምነት የሚጣልበት ነው። ከአስ ጋር የዚያው ዓይነት ሌላ ካርታ መያዝም እንዲሁ ያዳክመዋል፤ ለሌሎች የሚደርሰው ያንሳልና።

ያለ ደጋፊ የቆመ ግራ ባወርን እንደ እርግጠኛ ዙር ማየት

ግራ ባወርን የሚያሸንፈው አንድ ካርታ ብቻ ነው። ሆኖም ብቻውን ከቆመ ተቃራኒ ቀኝ ባወርን ሲመራ ሌላ ትራምፕ ስለሌለዎት ግራውን መጣል ግድ ይሆናል፤ ሁለተኛው ትልቁ ካርታ በአንድ ዙር ያልቃል። ከጎኑ አንዲት 9 እንኳ ካለች እሷን ይጥላሉ፤ ቀኙ ከወጣ በኋላ ግራው የጨዋታው ትልቁ ካርታ ይሆናል። በአጠራጣሪ እጅ ትንሿ ትራምፕ ለመቁረጥ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ታስፈልጋለች።

የተገለጠችው ካርታ ጃክ ካልሆነች ቀኝ ባወር ከማያዩዋቸው 18 ካርታዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ 10ሩ በተቃራኒዎችዎ፣ 5ቱ በአጋርዎ እጅ ናቸው፤ 3ቱ ሳይታደሉ ተቀምጠዋል። ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ቀኙ ከተቃራኒ ወገን ነው ማለት ነው፤ ግራ ባወር ይዘው ሲጠሩ ይህን ከወዲሁ ይቁጠሩት።

ትራምፕ ብቻ ቆጥሮ ወንበርን መርሳት

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ስለዚህ አንድ እጅ ይዘን እንየው። የተገለጠችው የልብ 10 ናት። በእጅዎ የዳይመንድ ጃክ፣ የልብ ኪንግ፣ የልብ 9፣ የክለብ አስና የስፔድ 9 አለ።

ላይ ላዩን ሲታይ አራት ዓይነት የተበታተነበት እጅ ይመስላል። በትክክል ሲቆጠር ግን ሦስት ትራምፕ፣ አንድ ክለብና አንድ ስፔድ ነው፤ ዳይመንድ ጭራሽ የለም። ዳይመንድ ሲመራ በትራምፕ መቁረጥ ይችላሉ። ደጋፊ ያለው ግራ ባወር አንድ ዙር ይሰጣል፤ የክለብ አስም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ይወስዳል። ሦስተኛው ዙር ከኪንጉ፣ ዳይመንድ ከመቁረጥ ወይም ከአጋር መምጣት አለበት። ስለ እጁ ምንም የማያውቁትን አጋር በአንድ ዙር መገመት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ግን ተስፋ ብቻ ነው።

አዳዩ እርስዎ ከሆኑ ጥርጣሬ የለም። የልብ 10ን አንስተው የስፔድ 9ን ይጥላሉ። አራት ትራምፕና አንድ አስ ይኖርዎታል፤ ከእጅዎ ውጭ የሚቀሩት ትራምፖች ጃኩ፣ አሱና ኩዊኗ ብቻ ናቸው። ሁለት ዓይነት ስለሌለዎትም ለመቁረጥ ክፍት ነዎት።

አዳዩ አጋርዎ ከሆነም ይጥሩ። 10ሯ ወደ ወገንዎ ትገባለች፤ አጋርዎም አንድ ደካማ ካርታ ይጥላል፤ በዚያውም አንዳንዴ አንድ ዓይነት ከእጁ ያጠፋል።

ከአዳዩ በስተግራ ከተቀመጡ ግን ያው አምስት ካርታ ሌላ እጅ ይሆናል። ሲጠሩ ለተቃራኒዎ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ትራምፑን ሊሰጡት ይችላሉ፤ ነጠላ ክለብ ካለውም እሱን ጥሎ የክለብ አስዎን ለመቁረጥ ይዘጋጃል። በሌላ በኩል ቢያልፉና አዳዩ ራሱ ቢያነሳ፣ ደጋፊ ያለው ግራ ባወር፣ ኪንግና የጎን አስ ጥሩ መከላከያ ናቸው፤ እሱን ጥሎ 2 ነጥብ የማግኘት ዕድል አለዎት። በእኩል ነጥብ ላይ ይህን እጅ ከዚህ ወንበር ማለፍ ይሻላል። በግራ ባወር ፈንታ ቀኝ ባወር ቢሆን፣ ወይም ከግራው ጋር የልብ አስ ቢኖር፣ ፍርዱ ወደ መጥራት ያዘነብላል።

ከአዳዩ በስተቀኝ ሲሆኑ ሁኔታው የባሰ ነው፤ 10ሯ ለተቃራኒ ትሄዳለች፣ አጋርዎም አስቀድሞ አልፏል። እዚያ ሆኖ በዚህ እጅ መጥራት አይመከርም።

የተገለጠችው ካርታ የልብ ጃክ ብትሆን ደግሞ ለተቃራኒ አዳይ አንሳ ማለት ቀኝ ባወርን በራስዎ ፈቃድ ማስረከብ ነው። በዚህ ጊዜ ግራ ባወር ያለ ጥርጥር ሁለተኛ ነው። አጋርዎ አዳይ ከሆነ ግን ሁለቱም ባወር በአንድ ወገን ይሆናሉ፤ ከአንድ ትንሽ ልብ ጋር እንኳ ጥሪው ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥሪ ላይ የጃኮቹን ለውጥ አለማየት

የልብ 10 ከተገለበጠች ከጨዋታ ወጥታለች፤ ልብም ከእንግዲህ አይጠራም። አሁን ዳይመንድ ቢጠራ የዳይመንድ ጃክ ከግራ ወደ ቀኝ ባወር ከፍ ይላል። የልብ ኪንግና 9 ግን ተራ የጎን ካርታ ይሆናሉ። አዳዩና አጋሩ ልብን አለመፈለጋቸው የቀይ ባወሮች እጥረት ምልክት ስለሚሆን፣ ከአዳዩ በስተግራ ያለ ተጫዋች በተመሳሳዩ ቀለም መጥራቱ የተለመደ ብልሃት ነው። የያዝነው እጅ ግን አንድ ትራምፕና አንድ አስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ትልቁ ጃክ ስላለ ብቻ አይጠራም። ከዳይመንዱ ጃክ ጋር አንድ ሌላ ዳይመንድ ቢኖር ጥሪው ይሞከራል።

የማለፍን ዋጋ ዜሮ ማድረግ

ከተሳካ 1 ያገኛሉ፣ ካልተሳካ 2 ይሰጣሉ። በዚህ ብቻ ሲሰላ ጥሪው ኪሳራ እንዳይሆን ከሦስት ጊዜ ሁለቱን መሳካት አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ማለፍም ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ካለፉ በኋላ ተቃራኒዎች ጠርተው ያስቆጥራሉ። በማለፍዎ በአማካይ ግማሽ ነጥብ የሚያጡ ከሆነ፣ ጥሪዎ ከሁለት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳካም ከማለፍ አያንስም። በተቃራኒው፣ ከላይ እንዳየነው እጅ በመከላከል ትርፍ የሚያመጣ ከሆነ፣ ለመጥራት የሚያስፈልገው እርግጠኝነት ከሦስት ሁለት በላይ ይሆናል። ያው እጅ ከአዳዩ በስተግራ የሚታለፈው ለዚህ ነው።

የነጥቡ ሁኔታም ፍርዱን ይለውጣል። ተቃራኒዎች 8 ላይ ሲሆኑ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ጠርተው ከወደቁ ጨዋታው ያልቃል፣ እነሱ ጠርተው ሦስት ወይም አራት ዙር ቢወስዱ ግን 9 ላይ ይቆማሉ። 9 ላይ ሲሆኑ ነገሩ ይገለበጣል፤ እነሱ ጠርተው ቢሳካላቸውም እርስዎ ጠርተው ቢወድቁም ጨዋታው ያው ያልቃል። ስለዚህ በ8 ያለፉትን አጠራጣሪ እጅ በ9 መጥራት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በተለይ በእጅዎ ያለው እነሱ የሚፈልጉትን ጥሪ የማያስቆም ሲሆን።