ቴሌግራም ላይ ፎቶው አልከፈት ብሎ ነው ወይስ ጭራሽ አልተላከም?

«ደረሰኙን ልኬልሃለሁ» የሚል ጽሑፍ ደርሷችሁ ፎቶው ካልታያችሁ፣ ኔትወርኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ከጽሑፉ ከፍና ዝቅ ብላችሁ እዩ። የደበዘዘ ሣጥንና የማውረጃ ቀስት ካለ ፎቶው ተልኳል፤ ያልወረደው እናንተ ጋ ነው። ቀስቱን ንኩት። ቴሌግራም መጀመሪያ ትንሽ የደበዘዘ ምስል ከመልእክቱ ጋር ያደርሳል፣ ዋናው ፎቶ ግን ለብቻው ነው የሚወርደው።

ሣጥኑ ከነጭራሹ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ፎቶው ከላኪው ስልክ አልወጣም። ጽሑፍ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ያልፋል፣ ፎቶው እዚያው ይንጠለጠላል። ስለዚህ «ድጋሚ ላክልኝ» ከማለት «ፎቶው ላይ የሰዓት ምልክት አለ ወይስ ራይት?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰዓት ከሆነ ገና አልተላከም።

አንድ ነገር ግን አለ፦ ላኪው ለሁለታችሁም ካጠፋው ቴሌግራም ምንም ምልክት አይተውም፣ ያልተላከ ይመስላል።