የጥገና ጥያቄዎ ዕድሜ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ለሚኖሩ አዲስ ተከራዮች

በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ባሉ ትልልቅ የኪራይ ሕንፃዎች የሚገባ አዲስ ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት ብዙውን ጊዜ ወደ ቢሮው ወርዶ በቃል ይናገራል፤ «እሺ፣ ሰው እንልካለን» ይባላል፣ እሱም ይጠብቃል። በቃል የተነገረ ነገር ግን ቀኑን የሚያሳይ ማስረጃ አይኖረውም። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ዋናው ነገር ቀኑ ነው፤ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ብልሽት በጽሑፍ ለአከራዩ ደርሶት ከ30 ቀን በላይ ሳይጠገን ከቆየ፣ አከራዩ ሌላ ማስረዳት ካልቻለ በቀር፣ መዘግየቱ ከአግባብ ውጭ እንደሆነ ይገመታል። ይህ ማለት ግን ማሞቂያ በጥር ብርድ ለ30 ቀን ተበላሽቶ ቢቀመጥ ችግር የለውም ማለት አይደለም፤ እንደ ብልሽቱ ክብደት ከዚያ ያነሰ ጊዜም ከአግባብ ውጭ ሊባል ይችላል።

ዛሬ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ጥያቄውን በስልክ መተግበሪያ ይቀበላሉ። ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሁኔታውም Open፣ Scheduled ወይም Completed እየተባለ ይታያል። እዚህ ላይ በጣም እንድትጠነቀቁ የምፈልገው Completed የሚለውን ቃል ነው፤ ቃሉ የሚነግራችሁ ሠራተኛው ሥራውን እንደዘጋ እንጂ ብልሽቱ እንደተወገደ አይደለም።

አንድ ቤተሰብን በዚህ ጉዳይ ረድቻለሁ። ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ውኃ የመታጠቢያ ቤታቸውን ኮርኒስ ስላራሰው ጃንዋሪ 8 ቀን በመተግበሪያው አመለከቱ። ጃንዋሪ 16 ሠራተኛ መጣ፣ የረጠበውን ቦታ ቀለም ቀብቶ ሄደ፣ ጥያቄውም በዚያው ቀን ተዘጋ። ጃንዋሪ 24 ግን ቢጫው እድፍ በአዲሱ ቀለም ላይ ተመልሶ ታየ፣ ጠርዙም ሻጋታ ማውጣት ጀመረ፤ እነርሱም አዲስ ጥያቄ ላኩ። ፌብሩዋሪ 9 ወደ ቢሮው ስንሄድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ዕድሜ 16 ቀን ብቻ ነበር፤ ብልሽቱን መጀመሪያ ካመለከቱ ግን 32 ቀን ሆኗል። አዲሱ ጥያቄ የቀድሞውን ዕድሜ ሰርዞ ቆጠራውን ከዜሮ አስጀምሮታል። ስለዚህ ብልሽቱ ሲመለስ፣ መተግበሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ የተዘጋውን ጥያቄ አስከፍቱ፤ ካልፈቀደ በአዲሱ ጥያቄ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ይህ ጃንዋሪ 8 በዚህ ቁጥር ያመለከትነው ያው ብልሽት ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ የኮርኒሱንም ፎቶ አያይዙ።

ከቢሮው መዝገብ ጎን ለጎን የራሳችሁን መዝገብ በጉግል ሺትስ መያዝ ትችላላችሁ። በA ብልሽቱን፣ በB መጀመሪያ በጽሑፍ ያመለከታችሁበትን ቀን፣ በC የምትጠብቁትን የቀን ብዛት፣ በD የቢሮውን ሁኔታና የጥያቄ ቁጥር፣ በE በዓይናችሁ አይታችሁ መጠገኑን ያረጋገጣችሁበትን ቀን አስገቡ። F ዕድሜውን፣ G ማለፉን ይነግራችኋል፦

```
F2: =IF(E2="", TODAY()-B2, E2-B2)
G2: =IF(AND(E2="", F2>C2), "ጊዜው አልፏል", "")
```

F ላይ በቁጥር ፈንታ ቀን ከታየ የሕዋሱን ዓይነት ወደ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው። ቀኑን ስትጽፉ ግን አስተውሉ፤ በአሜሪካ ወር ይቀድማል፣ 03/04 ማለት ማርች 4 ነው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፋችሁትንም ቢሮው አይረዳውም። በC ላይ እኔ ለማሞቂያ 1፣ ለሚያንጠባጥብ ውኃ 3፣ ለተነቀለ የቁም ሳጥን በር 14 አስገባለሁ፤ እነዚህ የእኔ ልማድ እንጂ የሕግ ቁጥሮች አይደሉም። ሰንጠረዡ ሲከፈት ያሳያል እንጂ አይጠራችሁም፤ ስለዚህ ጥያቄውን በላካችሁበት ሰዓት በስልካችሁ ካላንደር ላይ ማስታወሻ ሙሉ፤ አንዱን C ላይ ለጻፋችሁት ቀን፣ ሁለተኛውን ለ20ኛው ቀን።

የመጀመሪያው ማስታወሻ ሲደውል አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ጥያቄው ከቀረበ 3 ቀን ሆኖታል፤ ሠራተኛ የሚመጣበትን ቀን በጽሑፍ አሳውቁን»። በ20ኛው ቀን ግን ቀን ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ላኩ፣ ቅጂውንና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጡ፤ በመተግበሪያ የተላከ ጥያቄ እንደ ሕጋዊ ማስታወቂያ መቆጠሩ በኪራይ ውላችሁ ላይ ሊመሠረት ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን ያሰጋል።

ይህም ካልሠራ በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ተከራይ በአከራዩ ላይ አቤቱታ የሚያቀርብበትን Tenant's Assertion የሚባለውን ቅጽ መሙላት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ተናድዶ ኪራዩን ይይዛል፣ ያልከፈለ ተከራይ ሆኖም ራሱ ይከሰሳል። ኪራዩን ለአከራዩ በመክፈል ፈንታ፣ የመክፈያው ቀን በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ዳኛው ፊት ስትቀርቡም B ላይ የጻፋችሁትን ቀን የሚደግፉትን ደብዳቤ፣ ደረሰኝና ፎቶዎች በቅደም ተከተል አትማችሁ ያዙ።