የአጭር ዘጋቢ ፊልም ርዕስ አወጣጥ፦ ለፖስተርም ለፌስቲቫል ዝርዝርም የሚመጥን

ርዕስ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ኤዲቲንጉ ካለቀ በኋላ፣ ፌስቲቫሉ ማመልከቻ ሊዘጋ ሲል ነው። ያኔ ሁሉንም ነገር በአንድ መስመር ለመናገር እንሞክርና ረጅም ይሆንብናል። የርዕሱን ሥራ ቀደም ብሎ በወረቀት ላይ መጨረስ ይሻላል።

በምሳሌ እንሥራው። የ14 ደቂቃ ፊልም አለን እንበል። አንድ አዛውንት በየማለዳው ማማ ላይ ወጥተው የከተማውን ትልቅ ሰዓት ያስተካክላሉ። ጊዜያዊው ርዕስ «ጊዜን የሚጠብቁ እጆች፦ የአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሕይወትና ትግል» ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩት። ፖስተር ላይ የፊደሉን መጠን የሚወስነው ረጅሙ መስመር ነው። ኤ3 ወረቀት ስፋቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። በግራና በቀኝ 20፣ 20 ሚሊ ሜትር ስንተው ለጽሑፍ 257 ይቀረናል። ርዕሳችንን ሁለት መስመር ላይ ብናደርገው ሁለተኛው መስመር ክፍት ቦታውን ጨምሮ 22 ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳ ላይ ይነበባል። ግን ፖስተሩን አብዛኛው ሰው የሚያየው ስልክ ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ነው። እዚያ ላይ ፊደሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ጭረትና ቀለበት ስለሆነ፣ ሲያንስ «ጠ» እና «ጡ» መለየት ያቅታል።

ሁለት ነጥብ ከሰረዙን ቁረጡት። ከ«፦» በኋላ ያለው የርዕሱ ክፍል ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ ደግሞ የራሱ ቦታ አለው፤ ዝርዝሩ ላይ ከርዕሱ ሥር የሚገባው አጭር መግለጫ። ስንቆርጠው «ጊዜን የሚጠብቁ እጆች» ይቀራል። አጥሯል፣ ግን አልወደድኩትም። ለየትኛውም ሰዓት ጠጋኝ፣ ለአዋላጅም ሆነ ለሸማኔ ይሆናል።

አሁን ፊልሙን እንደገና እዩ። ወረቀት ይዛችሁ፣ ሰዎቹ ከአፋቸው ያወጡትን፣ እጃቸው የነካውን፣ የሚቆጥሩትን ጻፉ። ስለ ፊልሙ የምታስቡትን አትጻፉ፤ ፊልሙ ውስጥ ያለውን ብቻ። ከምሳሌያችን ሦስት ነገር አገኘን እንበል፦ «ሰዓት ጠጋኙ»፣ «ማማው»፣ እና አዛውንቱ ትንፋሽ እያጠራቸው ጮክ ብለው የሚቆጥሩት «ዘጠና ሁለት ደረጃ»።

እዚህ ላይ ፖስተሩና ዝርዝሩ የተለያየ ነገር ይጠይቃሉ። ፖስተሩ ላይ የአዛውንቱና የሰዓቱ ፎቶ አለ። «ሰዓት ጠጋኙ» ብንለው ፎቶው ያለውን መድገም ነው። የፌስቲቫሉ የጽሑፍ ዝርዝር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፎቶ የለም። ርዕሱ ከሌሎች አጫጭር ፊልሞች መካከል ብቻውን ይቆማል፤ «ማማው» ደግሞ እዚያ ይጠፋል። «ዘጠና ሁለት ደረጃ» ሁለቱንም ይችላል። ፎቶው አጠገብ አዲስ ነገር ይጨምራል። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ «የምን ደረጃ?» ያሰኛል፤ ከሥሩ ያለው መግለጫ ይመልሳል፦ «አንድ አዛውንት የከተማቸውን ሰዓት ለማስተካከል በየማለዳው ማማ ይወጣሉ።» መግለጫው ውስጥ የርዕሱ ቃል እንዳይደገም ተጠንቀቁ። ቦታው ለዚያ አይበቃም።

ቁጥሩም ደስ ይላል። በአንድ መስመር 11 ቦታ ነው፤ ለአንድ ፊደል 23 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ከቅድሙ እጥፍ ገደማ። ቀጭን ፖስተር ቢሆንም ሦስት ቃል፣ ሦስት ሦስት ፊደል ስለሆነ ተደርድሮ ይቆማል።

አጻጻፉን አንድ አድርጉ። አንዱ ቦታ «92 ደረጃ»፣ ሌላው ቦታ «ዘጠና ሁለት ደረጃ» ከተጻፈ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም፤ በፊደል ተራ ሲደረደርም በአኃዝ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ይሄዳል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ያለበት ርዕስ ከሆነም አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት። በተመረጠው ርዕስ የተሠራ ሌላ ፊልም መኖሩንም በኢንተርኔት ፈልጉ። በቅርብ የወጣ ዘጋቢ ፊልም ካለ ወደ ወረቀታችሁ ተመለሱ።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት በዲሲፒ፣ ማለትም ለዲጂታል ፕሮጀክተር በሚዘጋጀው የፋይል ጥቅል፣ የሚታይ ከሆነ አንድ ወሰን አለ። በተለመደው የዲሲፒ ስያሜ ርዕሱ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ከ14 ፊደል ሳይበልጥ ይጻፋል። የኛ ርዕስ በእንግሊዝኛው ልክ 14 ይሞላል፤ `SHR` አጭር ፊልም መሆኑን ይነግራል፦

```
NinetyTwoSteps_SHR
```

ረጅም ርዕስ ቢሆን ዲሲፒውን የሚሠራው ላቦራቶሪ በራሱ ያሳጥረዋል። የፕሮጀክተር ሠራተኛው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ደግሞ ያንን ነው። ስለዚህ ማሳጠሪያውን እናንተው ስጡ።

በመጨረሻ አንድ ፋይል አዘጋጁ። የአማርኛው ርዕስ፣ የእንግሊዝኛው ርዕስ፣ የዲሲፒው አጭር ስም፣ ደቂቃውና መግለጫው አንድ ላይ ይቀመጡ። ማመልከቻ ስትሞሉም ለፖስተር ሠሪው ስትልኩም ከዚያ ላይ ብቻ ኮፒ አድርጉ። ካታሎጉ ከታተመ በኋላ ርዕስ መቀየር ፊልሙን በሁለት ስም እንዲመዘገብ ያደርገዋልና፣ ፋይሉ ከመጀመሪያው ማመልከቻ በፊት ይለቅ።